ከላፕቶፕ የተሰረዘ ፋይል ከስልክም ለምን ይጠፋል?

ሲንክ የተደረገ ፎልደር ላፕቶፕ ላይም ስልክ ላይም ስለሚታይ ሁለት ቦታ የተቀመጠ ይመስላል። በእርግጥ ግን ላፕቶፑ ላይ ያለው፣ ስልኩ ላይ የሚታየውና አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ሰርቨር ላይ የተቀመጠው አንድ ፎልደር ነው። የሲንክ ፕሮግራም ሥራም ይህ ፎልደር በየትኛውም መሣሪያ ሲከፈት አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ ነው። አንዱ ጋ ፋይል ሲጨመር ሌላው ጋ ይጨመራል፤ ስሙ ሲቀየር ይቀየራል። መሰረዝም ለፕሮግራሙ እንደ መጨመርና እንደ ማረም ያለ አንድ ለውጥ ነው፤ ለውጥ ደግሞ ለሁሉም መሣሪያ መድረስ አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጠቀምበት የሲንክ አገልግሎት በመሆኑ። አዲስ ላፕቶፕ ሲከፈትና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት፣ ዊንዶውስ ዴስክቶፑን፣ የሰነድና የሥዕል ፎልደሮችን «ባክአፕ» ላድርግ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተጠቃሚው ከተስማማ ፎልደሮቹ ከዋንድራይቭ ሥር ይገባሉ። ቃሉ ባክአፕ ይበል እንጂ ከዚያ በኋላ የሚካሄደው ሥራ ሲንክ ነው። ይህ አጠራር ለብዙ ሰነድ መጥፋት መነሻ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ባክአፕ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ እንዳለው ማመኑ አያስገርምምና። አንድ ፎልደር ሲንክ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፎልደሩን ከፍቶ ከላይ ያለውን አድራሻ ማየት ይበቃል። `OneDrive` የሚል ስም ካለበት ሲንክ ውስጥ ነው።

ፕሮግራሙ ፋይል መሰረዙን የሚያውቅበት መንገድ ቀላል አይደለም፤ የጠፋ ነገር ራሱ ታይቶ አይገኝምና። አንድ ፋይል ስልክ ላይ ኖሮ ላፕቶፕ ላይ ከሌለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ስልኩ ላይ ገና አሁን ተጨምሯል፣ ወይ ላፕቶፑ ላይ ነበርና ተሰርዟል። በመጀመሪያው ምክንያት ከሆነ ፋይሉ ወደ ላፕቶፑ መላክ አለበት፤ በሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ከስልኩም መነሳት አለበት። ሁለቱን መሣሪያዎች ብቻ አስተያይቶ ይህን መለየት አይቻልም። የአንድ ዕድር መዝገብ በሁለት ጸሐፊዎች እጅ በሁለት ቅጂ ቢያዝ ተመሳሳይ ችግር ይገጥማል፤ የአንድ ሰው ስም በአንዱ ቅጂ ኖሮ በሌላው ከጠፋ፣ ሰውየው አዲስ አባል ይሁን ወይም ከዕድሩ የወጣ ይሁን ለማወቅ ሁለቱ ቅጂዎች ለመጨረሻ ጊዜ ሲመሳከሩ ምን ይሉ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

የሲንክ ፕሮግራምም ይህን መዝገብ ይይዛል። ላፕቶፑ ውስጥ ከፋይሎቹ ተለይቶ በተቀመጠ ትንሽ ዳታቤዝ ውስጥ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር ሲስማማ የነበሩት ፋይሎች ስማቸው፣ መጠናቸውና የታረሙበት ሰዓት ተመዝግቧል። ፎልደሩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲነካ ዊንዶውስ ራሱ ለፕሮግራሙ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ደግሞ ፕሮግራሙ ፎልደሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡ ላይ ያለ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ከታጣ፣ መደምደሚያው ተጠቃሚው ሰርዞታል የሚል ነው። ፕሮግራሙ ለምን እንደተሰረዘ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ላፕቶፑ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ይሁን፣ ሰነዱ ስላላስፈለገ ይሁን፣ ወይም ሕፃን ልጅ ነካክቶት ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው።

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ 256 ጊጋባይት የሚይዘው ላፕቶፗ ሞላባት እንበል። በዋንድራይቭ ሥር የ2015 ዓ.ም. ደረሰኞች ስካን ተደርገው የተቀመጡበት 3 ጊጋባይት የሚሆን ፎልደር አላት። ፎልደሩ ስልኳ ላይ ባለው የዋንድራይቭ አፕ ውስጥ ስለሚታያት «እዚያ አለኝ» ብላ ከላፕቶፑ ትሰርዘዋለች። ዊንዶውስ የተሰረዘውን ወደ ሪሳይክል ቢን ስለሚወስደው ቦታው ወዲያው አይለቀቅም፤ ስለዚህ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ታደርገዋለች። ቦታ ፍለጋ የሚሰርዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ሁለተኛ እርምጃ ይወስዳል። ላፕቶፑ ላይ የነበረው የመጨረሻ መመለሻም በዚሁ ይዘጋል።

ላፕቶፑ ኢንተርኔት ላይ ከሆነ፣ ፎልደሩ መሰረዙን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ለሰርቨሩ ያሳውቃል። መልእክቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ 3 ጊጋባይቱን ለመጫን ቀን ሙሉ የፈጀ ኢንተርኔት፣ መሰረዙን ግን ሳይታወቅ ያደርሰዋል። ሰርቨሩ ፎልደሩን ከዝርዝሩ አውጥቶ የራሱ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያስገባውና «ይህ ተሰርዟል» የሚል ማስታወሻ ይይዛል። የሠራተኛዋ ስልክ ሌሊቱን ዳታው ተዘግቶ ስላደረ ይህን አያውቅም። ጠዋት ዳታ ስትከፍት አፑ ሰርቨሩን ሁሉንም ነገር ዘርዝርልኝ አይለውም፤ ባለፈው ጊዜ የተሰጠውን ምልክት አሳይቶ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ንገረኝ ይላል። ማይክሮሶፍት ለፕሮግራም ሠሪዎች ክፍት ባደረገው መገናኛ እንዲህ ላለው ጥያቄ የሚመጣው መልስ፣ ስለ ተሰረዘ ፋይል ሲሆን በአጭሩ ይህን ይመስላል፦

```
{ "id": "...", "deleted": {} }
```

የመጀመሪያው ክፍል የትኛው ፋይል እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው መሰረዙን። መልሱን የተቀበለው መሣሪያ ይህን መለያ ቁጥር ከራሱ ዝርዝር ፈልጎ ያነሳዋል፤ ፎልደሩም ከስልኩ ይጠፋል።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ስልኩ ላይ የሚታየው ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ ስልኩ ውስጥ አልነበረም። የስልክ ማከማቻ ጠባብ ስለሆነ አፑ የሚያሳየው የስም ዝርዝርና ትንንሽ ምስሎችን ነው፤ ፋይሉ ሲነካ ያን ጊዜ ከሰርቨሩ ይመጣል። ስለዚህ «ስልኬ ላይ አለ» የተባለው ፋይል ሰርቨሩ ላይ ያለውን አንድ ቅጂ የሚያሳይ መስኮት ነበር። ልዩ የሚሆነው ተጠቃሚው አስቀድሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ብሎ የመረጠው ፋይል ነው። እሱ በእርግጥ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሆኖም የመሰረዙ ወሬ ሲደርስ እሱም ይነሳል። በቴሌግራም ተልኮ ስልኩ ማከማቻ ውስጥ የተቀመጠ የዚያው ሰነድ ቅጂ ግን አይነካም፤ የሲንክ ፕሮግራሙ አያውቀውምና።

ሰርቨሩ የመሰረዙን ማስታወሻ መያዙ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ያለ እሱ ግን ሲንክ በትክክል መሥራት ይቸግረዋል። ፎልደሩ ዝም ብሎ ከዝርዝሩ ቢወጣ፣ ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየ ሁለተኛ ኮምፒውተር ሲበራ እጁ ላይ ያለውን ፎልደር አዲስ ነው ብሎ መልሶ ሊጭነው ይችላል፤ ሰው የሰረዘው ነገር እየተመለሰ ያስቸግራል። ይህ አልፎ አልፎ በእርግጥ ይደርሳል። መሣሪያው የያዘው ምልክት በጣም ካረጀ ሰርቨሩ አይቀበለውም፤ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው እንደገና እንዲወስድ ያዘዋል። ያን ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ያልተገኙትን ፋይሎች ምን ማድረግ እንዳለበት እርግጠኛ መሆን የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ እንዲህ ሲሆን ጥንቃቄው ወደ መጫን ያዘነብላል። ከወራት በኋላ የተሰረዘ ሰነድ «ራሱ ተመለሰ» ሲባል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሠራተኛዋ የፈለገችው ፎልደሩ ክላውድ ላይ እንዲቆይና ከላፕቶፑ እንዲነሳ ከነበረ፣ ለዚያ የተሠራ ሌላ ትእዛዝ አለ። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ተጭኖ `Free up space` የሚለውን መምረጥ ነው። ስሙ ከነቦታው ይቀራል፣ ምልክቱ ወደ ሰማያዊ ደመና ይለወጣል፣ ይዘቱ ከዲስኩ ይለቃል። እዚህም ላይ ግን አንድ አደጋ አለ። ደመና ምልክት ያለበት ፋይል «ባዶ ስም ነው» ተብሎ ከተሰረዘ ከሁሉም ቦታ ይሰረዛል፤ ይዘቱ ላፕቶፑ ላይ ስላልነበረም የላፕቶፑ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም። ዋንድራይቭ ሲሰረዝበት ከየትም እንደሚጠፋ የሚያስታውስ መልእክት ያሳያል፤ ተጠቃሚው ግን ሁለተኛ እንዳይመጣ የሚያደርገውን ምልክት ቀድሞ ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ የሚፈለገው ቦታ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሪሳይክል ቢን ነው። በብራውዘር ዋንድራይቭ ውስጥ ገብቶ `Recycle bin` የሚለውን መክፈት፣ ፎልደሩን መምረጥና `Restore` ማለት ነው። ፎልደሩ ወደ ነበረበት ቦታ ይመለሳል፤ ሰርቨሩ ይዘቱን ስላልጣለው እንደገና መጫን አያስፈልግም። መመለሱም እንደ መሰረዙ አንድ ለውጥ ስለሆነ በዚያው መንገድ ወደ ላፕቶፑና ወደ ስልኩ ይደርሳል። ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት የተመረጠ ፋይል ከነበረና ስልኩ ከመሰረዙ ወዲህ ኢንተርኔት ካላገኘ ደግሞ፣ ዳታውንና ዋይፋዩን ዘግቶ አፑን መክፈትና ፋይሉን ወደ ስልኩ ማከማቻ ለመቅዳት መሞከር ያዋጣል።

ጊዜው ግን የተወሰነ ነው። በግል የዋንድራይቭ አካውንት የተሰረዘ ፋይል 30 ቀን ይቆያል፤ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት አካውንት ብዙውን ጊዜ 93 ቀን። ጉግል ድራይቭም የተሰረዘውን ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል። የዓመት ሂሳብ ሲዘጋ ብቻ የሚከፈት ፎልደር መጥፋቱ የሚታወቀው ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ሰነድ ከላፕቶፑ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይም ገልብጦ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያልተሰካ ዲስክ የመሰረዝ መልእክት አይደርሰውም።