መጨረሻው ቀድሞ የሚቀረጽበት ፊልም

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤት፣ በአንድ ካፌና በእንጦጦ በሦስት ቀን የሚቀረጽ አጭር ፊልም አለ እንበል። እናትን የምትጫወተው ተዋናይት የምትገኘው በሁለተኛው ቀን ብቻ ነው። መርሐ ግብሩ ከእሷ ይነሳል፤ በታሪኩ መጀመሪያም መጨረሻም ብትታይ፣ ትዕይንቶቿ ሁሉ ቤት ውስጥ ስለሆኑ በዚያ ቀን ይሰበሰባሉ። መብራት ነቅሎ፣ ዕቃ ጭኖ ቦታ መቀየር ሰዓታት ስለሚበላ፣ ያን ቀን ቡድኑ ከቤቱ አይወጣም። የሌሊቱ ትዕይንት እንኳ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ቀን ይቀረጻል።

የእንጦጦው ስንብት ግን የምታዘቀዝቅ ጀምበር ይፈልጋል፤ ያ ብርሃን ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። በእኔ እምነት ቦታው የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ደመና ቢጋርደው የሦስተኛው ቀን ምሽት መጠባበቂያ ይሆናል። ለመጨረሻው ቀን ያቆየው ሰው ሌላ ዕድል የለውም። ካፌው በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛና የመንገዱ ጩኸት ድምፅ ቀረጻውን ሳይረብሽ ይሠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተከታታይነት ነው። ልጁ በእንጦጦ የለበሰው ሹራብ አንገቱ ተቆልፎ ከነበረ፣ በታሪኩ ከዚያ ደቂቃዎች ቀድሞ የሚመጣው የካፌ ትዕይንት ላይ ተከፍቶ መታየት የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕይንት እንዳለቀ ልብሱ፣ ፀጉሩና የያዘው ዕቃ ፎቶ ይነሳል፤ በፎቶው ላይም የትዕይንቱ ቁጥር ይጻፋል።