ሲያጠብቁት የሚያፈስ ዳዶ

በአሜሪካ የቆዩ ቤቶች የወጥ ቤት ሲንክ ሥር ያለውን ካቢኔ የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ብቅ ያለ የመዳብ ቧንቧና ጫፉ ላይ የተገጠመ ትንሽ መዝጊያ ያያል። ከግድግዳው የመጣው ውኃ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ላይ ስለሚሄድበት አንግል ቫልቭ ይባላል። ይህን መዝጊያ ከቧንቧው ጋር የሚያያይዘው በብዙ ቤቶች አንድ ዳዶና በዳዶው ውስጥ የተሸሸገ ቀጭን የናስ ቀለበት ነው። ብየዳ የለውም፣ ማጣበቂያም የለውም። ቀለበቱን እንግሊዞች ኦሊቭ፣ አሜሪካውያን ፈረል ይሉታል፤ መገጣጠሚያው በጠቅላላው ኮምፕሬሽን ይባላል።

ከዚህ መገጣጠሚያ ውኃ ጠብ ማለት ሲጀምር አብዛኛው ሰው ቁልፍ ያመጣና ዳዶውን ያጠብቃል። ሥራውን ኢትዮጵያ ውስጥ በጋልቫናይዝድ ቧንቧ ለለመደ ሰው ደግሞ ይህ ትክክለኛው እርምጃ ይመስላል። በጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጥርሱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ቴፍሎን ተጠቅልሎበት በጠበቀ መጠን ይጨናነቃል፤ ውኃውን የሚያግደውም ያ መጨናነቅ ነው። በኮምፕሬሽን መገጣጠሚያ ግን ጥርሱ ውኃ አያግድም። ሥራው ዳዶውን ወደ ቫልቩ መሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ፍሳሹን አያቆምም፤ ዳዶውም የጥርሱ መጨናነቅ እስኪሰማ ድረስ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ውኃውን የሚያግደው ቀለበቱ ነው፤ የሚያግደውም በሁለት ቦታ ነው። የቫልቩ አፍ ከውስጥ በኩል እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። ዳዶው ሲዞር ቀለበቱን ከኋላ እየገፋ ወደዚህ ሾጣጣ አፍ ያስገባዋል። መሄጃ ሲያጣ ቀለበቱ ዙሪያውን ይጠብና ቧንቧውን ጨምድዶ ይይዛል። በውጭ ገጹ የቫልቩን አፍ፣ በውስጥ ገጹ ቧንቧውን ሲጫን ሁለቱም መንገዶች ይዘጋሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ግፊት ነው፤ ናሱና መዳቡ እርስ በርስ በጥቂቱ ተጨፍልቀው ገጻቸው እንዲገጥም ያህል።

ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያውን ደረቅ አድርጎ የሚያቆየው ብረቱ መልሶ የሚገፋበት ኃይል ነው። ማንኛውም ብረት በልኩ ሲጫኑት ትንሽ ይሰጥና ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ልኩ ሲያልፍ ግን እንደተጣመመ ይቀራል። ቧንቧው፣ ቀለበቱና ዳዶው እርስ በርስ ተገፋፍተው እስከቆሙ ድረስ ሙቅ ውኃ መጥቶ ሲያሰፋቸው፣ ቀዝቅዞም ሲያኮማትራቸው ንክኪያቸው አይላቀቅም። ከመጠን በላይ ያጠበቀ ሰው የሚያጠፋው ይህንኑ ኃይል ነው።

ቧንቧው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። በአሜሪካ የግማሽ ኢንች የሚባለው የመዳብ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 15.9 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ስሱ ዓይነት ግድግዳው 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በረጅም እንግሊዝ ቁልፍ ዳዶውን የሚያጠብቅ ክንድ ይህን ግድግዳ ለመጨፍለቅ ብዙ አይቸገርም። መዳቡ ከቀለበቱ ሥር ወደ ውስጥ እየሸሸ ወገብ ያወጣል፤ መልሶ መግፋቱንም ያቆማል። የቀለበቱ ፊትም በሾጣጣው አፍ ውስጥ ተጨፍልቆ ቅርጹን ያጣል፤ ዙሪያውን እኩል መንካቱ ይቀራል። ዳዶው ራሱም ከናስ የተሠራ ነውና ተወጥሮ ሲከርም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሚሆን በመብራት ካልፈለጉት አይታይም።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሄድበትን መንገድ በአንድ ሲንክ ላይ እንከተል። የሙቅ ውኃው አንግል ቫልቭ ተቀይሯል። ቧንቧው ላይ አሮጌው ቀለበት ሲወጣ የተወ ቀጭን ጭረት በርዝመቱ አለ፤ ማንም ልብ አላለውም። ውኃው ሲከፈት በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጠብታ ይወርዳል። ባለቤቱ ግማሽ ዙር ይጨምራል፤ ጠብታው ይቆማል። ከሳምንታት በኋላ የካቢኔው ወለል ረጥቦ ይገኛል። ሌላ ግማሽ ዙር ይጨመራል፤ አሁን ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆማል። ሦስተኛው ማጥበቅ ግን ጠብታውን ወደ ቀጭን ፍሳሽ ይለውጠዋል። ዳዶው ተፈትቶ ሲታይ ቧንቧው ቀለበቱ ባረፈበት ቦታ ጠብቧል፤ ቀለበቱ በእጅ አይነቃነቅም፤ ጭረቱ ግን ከቀለበቱ ሥር እንደነበረ አለ። ችግሩ ከመጀመሪያውም የመላላት አልነበረም። ጭረቱ በቀለበቱ ሥር የሚያልፍ ቦይ ሆኖ ውኃውን ሲያሳልፍ ቆይቷል፤ ማጥበቁ ቦዩን ሳይደፍን ቧንቧውን አበላሸ።

ከጭረት ሌላ ከልብ ሊፈተሹ የሚገባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ጫፉ ተንጋዶ የተቆረጠ ወይም ፍንጣሪው ያልተነሳለት ቧንቧ ነው። ሌላው ቧንቧው ቫልቩ ውስጥ እስካለው ማቆሚያ ድረስ ሳይገባ መጠበቁ ነው። ሁለቱም በቁልፍ ኃይል አይታረሙም።

በትክክል ሲገጠም ሥራው ቀላል ነው። ቧንቧው በመቁረጫ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ፍንጣሪው ይነሳል፤ ቀለም ወይም የብየዳ ቅሪት ካለበት መዳቡ እስኪታይ ይጸዳል። ዳዶው፣ ቀጥሎም ቀለበቱ ይገባል፤ ቧንቧው ማቆሚያውን እስኪነካ ይገፋል። ዳዶው በእጅ እስከሚቻለው ከዞረ በኋላ በዳዶውና በቫልቩ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ይሰመራል። ቫልቩን በአንድ ቁልፍ ይዞ ዳዶውን በሌላው ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቫልቩ አብሮ ይዞርና ቧንቧውን ይጠመዝዘዋል። ለዚህ መጠን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ዙር መጀመር ተገቢ ነው፤ አምራቹ የጻፈው ልክ ካለ ግን የእሱ ይቀድማል። የተሰመረው መስመር ስንት እንደዞረ ይነግራል።

ውኃው ሲከፈት መገጣጠሚያው በደረቅ ሶፍት ዙሪያውን ይነካል። ሶፍቱ ከረጠበ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ይጨመራል፤ ደርቆ እንደገና ይሞከራል። ትንሽ ጭማሪ ካላቆመው ውኃውን ዘግቶ፣ ፈትቶ ማየት ነው እንጂ ማጥበቁን መቀጠል አይደለም። ሙቅ ውኃ ካለፈበትና ከቀዘቀዘ በኋላ በማግስቱ ደግሞ መንካት ይገባል፤ ዘገምተኛ ፍሳሽ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

ከቫልቩ ወደ ቧንቧ ራሱ የሚሄደው ፍሌክሲብል ሌላ ነገር ነው። አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ጫፋቸው ውስጥ ጎማ ስላለ የብረት ቀለበት አያስፈልጋቸውም። በእጅ ከጠበቁ በኋላ ሩብ ዙር ያህል ይበቃቸዋል፤ ሲበዛ ጎማው ይቆረጣል።

ወገብ ያወጣ ቧንቧ ከተገኘ አዲስ ቀለበት በዚያው ቦታ ላይ ማሰር ዋጋ የለውም፤ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ክብ ገጽ ጠፍቷልና። ከግድግዳው የወጣው ቧንቧ ረጅም ከሆነ የተበላሸውን ቆርጦ ባልተነካው ላይ መግጠም ይቻላል። በብዙ ቤቶች ግን ከግድግዳው የሚወጣው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቀሪው መንገድ በብየዳ መቀጠል፣ ወይም ግድግዳውን ከፍቶ ቧንቧውን ከውስጥ መቀየር ነው።