የምዝገባ ማስታወቂያን ወደ ፍሎውቻርት መቀየር

በትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው የምዝገባ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ረጅም አንቀጽ ነው። አንቀጹ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ሳለ ወላጁ የቱን አስቀድሞ የቱን አስከትሎ እንደሚፈጽም ግልጽ አይሆንለትም። ፍሎውቻርት ይህንኑ አንቀጽ በሣጥኖችና በቀስቶች ከፋፍሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሥራን በዚህ መልክ ቀድመው ካሳዩት መካከል አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝና ባለቤቱ ሊሊያን ይገኙበታል፤ የሥራ ሂደት ሥዕላቸውን ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት በ1921 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ የተለመዱት ቅርጾች ጥቂት ናቸው። መነሻና መድረሻ በሞላላ፣ የሚሠራ ነገር በአራት ማዕዘን፣ ጥያቄ ደግሞ በጫፉ በቆመ አራት ማዕዘን፣ ማለትም በዳይመንድ ይሣላል። ለአንድ የምዝገባ ማስታወቂያ ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ እምብዛም አያስፈልግም።

የሚከተለው ለምሳሌነት የተዘጋጀ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ነው፤ የአጻጻፍ ስልቱ ግን በየበሩ ከሚነበቡት አይለይም።

«አዲስ ተማሪ ለማስመዝገብ የሚመጡ ወላጆች የልጁን የልደት የምስክር ወረቀት፣ 2 ጉርድ ፎቶግራፍና የራሳቸውን መታወቂያ ይዘው መዝገብ ቤት ይቀርባሉ። ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ተማሪ መሸኛና ያለፈው ዓመት የውጤት ካርድ ጨምሮ ያቀርባል። ሰነዱ የተሟላለት ተማሪ ቅጽ ተሞልቶለት፣ የመመዝገቢያ ክፍያው በባንክ ተከፍሎ፣ ደረሰኙ ሲገባ ክፍል ይመደብለታል። ለ1ኛ ክፍል የሚመዘገብ ልጅ 7 ዓመት የሞላው ሊሆን ይገባል። ምዝገባው የሚካሄደው ክፍት ቦታ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።»

ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት ሁለቱ ጫፎች መቆረጥ አለባቸው። መነሻው ወላጁ ቤቱ ሰነድ ሲያሰባስብ ነው ወይስ መዝገብ ቤት ሲደርስ? ማስታወቂያው የሚናገረው መዝገብ ቤት ስለሚሠራው ሥራ ስለሆነ መነሻው የመዝገብ ቤቱ በር ቢሆን ይሻላል። መድረሻው ግን በአንቀጹ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ላይ አይገኝም። አንቀጹ የሚያልቀው ስለ ክፍት ቦታ በማውራት ሲሆን ወላጁ የሚፈልገው ውጤት፣ ማለትም ክፍል መመደቡ፣ መሐል ላይ ተቀብሯል። ደግሞም መድረሻው አንድ ብቻ አይደለም። ቦታ ያላገኘ ወይም ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሳይመዘገብ ይመለሳል፤ ይህም የሂደቱ ማብቂያ ነውና የራሱ ሞላላ ይገባዋል። ብዙ ጀማሪ ሣዮች የሚሥሉት የተሳካውን ማብቂያ ብቻ ነው። ያልተሳካው ቀስት የትም ሳይደርስ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

ቀጥሎ ድርጊቶቹ ከዐረፍተ ነገሮቹ ይለቀማሉ። በአማርኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ብዙ ድርጊት አቅፎ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ስለሚዘጋ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው «ይመደብለታል» በሚለው ቢሆንም በውስጡ አራት ሥራዎች አሉ፤ ቅጽ መሙላት፣ ባንክ መክፈል፣ ደረሰኝ ማስገባትና ክፍል መመደብ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የሚሠራው ወላጁ ነው፤ አራተኛውን የሚሠራው መዝገብ ቤቱ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሣጥን ያገኛል፤ በየሣጥኑም ሠሪው በግልጽ ይጠቀሳል። «ክፍያ ይፈጸማል» ተብሎ ቢጻፍ ወላጁ ገንዘቡን ይዞ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ሊሰለፍ ይችላል። «ወላጁ በባንክ ይከፍላል» ሲባል ግን ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ጥያቄዎቹን መለየት ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አንቀጹ አንዱንም በጥያቄ መልክ አላስቀመጠውም። «የሚዛወር ተማሪ» የሚለው ውስጥ «ይዛወራል ወይስ አይዛወርም?» የሚል ጥያቄ አለ። «የተሟላለት» የሚለው ውስጥ «ተሟልቷል?»፣ «እስካለ ድረስ» የሚለው ውስጥ ደግሞ «ቦታ አለ?» የሚሉ ጥያቄዎች ተደብቀዋል። የ1ኛ ክፍሉ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ ይዟል፤ አንዱ ስለ ክፍሉ፣ ሌላው ስለ ዕድሜው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት መውጫ ሊኖረው ግድ ነው። አንቀጹ ግን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው። ሰነዱ የተሟላለት ምን እንደሚያደርግ ይነግራል፤ ያልተሟላለት ምን እንደሚሆን ዝም ይላል።

ከዚያ የቅደም ተከተሉ ነገር ይመጣል። በአንቀጹ መጨረሻ የተጻፈው የክፍት ቦታ ጉዳይ በሥራው ከሁሉ መቅደም አለበት። አንቀጹን ከላይ ወደ ታች የተከተለ ወላጅ ባንክ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ቦታ እንደሌለ ሊሰማ ይችላል፤ ገንዘቡን ለማስመለስም ሌላ ምልልስ ይጀምራል። ዕድሜውም እንዲሁ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ሆኖም እስከ መጀመሪያው አይደርስም። መዝጋቢው ልጁ 7 ዓመት እንደሞላው የሚያረጋግጠው በልደት የምስክር ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱን ሳያይ ጥያቄውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ የዕድሜው ጥያቄ የሚገባው ሰነድ ከተመረመረ በኋላና ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው። ጥያቄ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው መልሱ የሚታወቅበት ጊዜ ነው እንጂ በአንቀጹ ውስጥ የተጻፈበት መስመር አይደለም።

ቁጥር የሚሰጠው ሁሉም ሣጥን ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። በሥዕሉ ላይ የሚሠፍረው ጽሑፍ ከነቁጥሩ እንዲህ ይሆናል፦

1. ጀምር፦ ወላጁ ልጁን ለማስመዝገብ መዝገብ ቤት ይቀርባል። ወደ 2።
2. ልጁ በሚገባበት ክፍል ክፍት ቦታ አለ? አዎ፦ ወደ 3። የለም፦ ወደ 15።
3. ልጁ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ነው? አዎ፦ ወደ 4። አይደለም፦ ወደ 5።
4. ወላጁ መሸኛና ያለፈው ዓመት የውጤት ካርድ ያቀርባል። ወደ 5።
5. ወላጁ የልጁን የልደት የምስክር ወረቀት፣ 2 ጉርድ ፎቶግራፍና የራሱን መታወቂያ ያቀርባል። ወደ 6።
6. ሰነዱ ሁሉ ተሟልቷል? አዎ፦ ወደ 8። አልተሟላም፦ ወደ 7።
7. ወላጁ የጎደለውን ሰነድ ይዞ ይመለሳል። ወደ 2።
8. ልጁ የሚገባው 1ኛ ክፍል ነው? አዎ፦ ወደ 9። አይደለም፦ ወደ 10።
9. ልጁ 7 ዓመት ሞልቶታል? አዎ፦ ወደ 10። አልሞላውም፦ ወደ 15።
10. ወላጁ የምዝገባ ቅጽ ይሞላል። ወደ 11።
11. ወላጁ የመመዝገቢያ ክፍያውን በባንክ ይከፍላል። ወደ 12።
12. ወላጁ ደረሰኙን ለመዝገብ ቤት ያስረክባል። ወደ 13።
13. መዝገብ ቤቱ ክፍል ይመድባል። ወደ 14።
14. መጨረሻ፦ ልጁ ተመዝግቧል።
15. መጨረሻ፦ ልጁ አልተመዘገበም።

ከ7 ወደ ኋላ የሚመለሰው ቀስት ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰነድ ጎድሎት የሄደ ወላጅ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሰነድ ምርመራው ቢገባ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ነገር ግን መሸኛ ለማምጣት በሄደባቸው ቀናት ቦታው በሌላ ልጅ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ ሰነድ ለጎደለው ወላጅ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ቀስቱ ወደ 6 ይመለሳል፤ የማይዝ ከሆነ ወደ 2። አንቀጹ ስለ ቦታ መያዝ አንዳች ነገር ስላልተናገረ እዚህ የተመረጠው 2 ነው። ውሳኔው ግን የሣዩ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሣዩ በራሱ ግምት ቢያልፈው ትምህርት ቤቱ ያላወጣውን ደንብ ያወጣለታል።

ሥዕሉ አልቋል ከመባሉ በፊት በሁለት መንገድ ይፈተሻል። የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ጥያቄዎቹ 2፣ 3፣ 6፣ 8 እና 9 ስለሆኑ ከአምስቱ ዳይመንዶች አሥር ቀስቶች መውጣት አለባቸው፤ በእያንዳንዱ ላይም መልሱ ተጽፎበት ይታያል። ከአራት ማዕዘን የሚወጣው አንድ ቀስት ብቻ ነው። ከ14 እና ከ15 የሚወጣ የለም። ከአራት ማዕዘን ሁለት ቀስት ከወጣ እዚያ ያልተጻፈ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተለያዩ ልጆችን በጣት እየተከተሉ ማሳለፍ ነው። ሰነዷ ሁሉ የተሟላ፣ ለ1ኛ ክፍል የመጣች የ6 ዓመት ልጅ በ1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8 እና 9 አልፋ 15 ላይ ትቆማለች፤ ወላጇ ሳንቲም አላወጣም። ለ5ኛ ክፍል የሚዛወር፣ መሸኛው ያልደረሰለት ልጅ ደግሞ በ3 ወደ 4 ይገባል፤ 6 ላይ ይያዛል፤ በ7 በኩል ወደ 2 ይመለሳል። መሸኛውን ይዞ ሲመጣ ቦታ ካለ ጉዞው እስከ 14 ይዘልቃል። በዚህ ፈተና የሚጨንቀው ሦስተኛው ልጅ ነው፤ በሌላ ትምህርት ቤት አጸደ ሕፃናት ጨርሶ ለ1ኛ ክፍል የመጣው። ይህ ልጅ ተዛዋሪ ነው ወይስ አይደለም? መሸኛ ይጠየቃል? አንቀጹን ደጋግሞ ማንበብ መልስ አይሰጥም፤ 3 ላይ ጣት ቆሞ ይቀራል። ትምህርቱን አቋርጦ ከ2 ዓመት በኋላ የተመለሰ ልጅም እዚያው ይቆማል፤ ያለፈው ዓመት የውጤት ካርድ የለውምና።

እንዲህ ያሉት ቦታዎች ተጽፈው ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለመዝገብ ቤት ኃላፊው ይቀርባሉ። ከምሳሌው ማስታወቂያ የሚወጡት ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም፤ ከአጸደ ሕፃናት የመጣው ልጅ፣ ያቋረጠው ልጅ፣ የቦታ መያዙ ጉዳይ፣ እንዲሁም ሰነድ ጎድሎት የሄደ ወላጅ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን። ይህ የመጨረሻው ከሌለ በ2 እና በ7 መካከል ያለው ዙር ክፍት ቦታ እስካለ ድረስ ማለቂያ የለውም። መልሱ ሲመጣ ሥዕሉ ይስተካከላል። ለምሳሌ ትምህርት ቤቱ ቦታ ያጡትን በተጠባባቂነት የሚመዘግብ ከሆነ 15 ለሁለት ይከፈላል፤ ዕድሜው ያልደረሰው በ15 ይቀራል፤ ቦታ ያጣው «መጨረሻ፦ ልጁ በተጠባባቂነት ተመዝግቧል» የሚል 16ኛ ሞላላ ያገኛል፤ ከ2 የሚወጣው «የለም» የሚለው ቀስትም ወደዚያ ይዞራል። መሐል ላይ ሣጥን የሚጨመር ከሆነ ከዚያ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ እንደገና ይሰጣሉ፤ «ወደ» ብለው የሚጠቅሷቸው መስመሮችም አንድ በአንድ ይታረማሉ። የተሳሳተ ቁጥር የያዘ ቀስት ወላጁን ያለ ምንም ምልክት ወደ ሌላ ሣጥን ስለሚልከው፣ ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ የልጆቹ ፈተና ከ1 ጀምሮ ይደገማል።