የሦስት ዓመት ዕድል በአንድ በጀት፦ የደባርቅ አስጎብኚዎች ማኅበር ገቢውን እንዴት ይገምት?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ላይ ነው። ከጎንደር በዳባት በኩል የመጣ እንግዳ ወደ ሳንቃበር፣ ግጭ ወይም ጨነቅ ከመውጣቱ በፊት እዚያ ወርዶ ይመዘገባል፣ የመግቢያ ይከፍላል፣ አስጎብኚ ይይዛል። አስጎብኚዎቹ፣ በቅሎ ጫኞቹና ምግብ አብሳዮቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሰማራሉ። የእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር ገቢ በአብዛኛው የአባላት መዋጮ፣ ከየስምሪቱ የሚቆረጥ ድርሻና እንደ ድንኳን ያለ ዕቃ ኪራይ ነው። ሦስቱም በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ እንግዳ መጣ ወይስ አልመጣም?

ማኅበር በጀት ሲያወጣ የተለመደው ያለፉትን ዓመታት ገቢ ደምሮ ማካፈል ነው። ደባርቅ ላይ ይህ አይሠራም። በ2012 መጋቢት ኮሮና መጣ። በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ተጀመረ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ግንባሩ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ደረሰ። በ2015 ጥቅምት የፕሪቶርያ ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥሩውን ዓመትና መንገድ የተዘጋበትን ዓመት ደምረን ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር በየትኛውም ዓመት ያልደረሰ ነው። በጥሩው ዓመት ያንሳል፣ በክፉው ዓመት ይበዛል። ስለዚህ አንድ አማካይ ከማውጣት ይልቅ ሦስት የተለያዩ ዓመታትን አስቦ ለእያንዳንዱ ገቢውን መሥራት ይሻላል፤ ጥንቁቁን፣ የሚጠበቀውንና ተስፈኛውን።

መነሻው ብር ሳይሆን የስምሪት ቁጥር መሆን አለበት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ዋጋዎች ተቀያይረዋል። ገቢው በብር አደገ ማለት እንግዳ ጨመረ ማለት አይደለም። የስምሪት መዝገቡ ግን ስንት ጊዜ ወደ ተራራው እንደተወጣ በቀጥታ ይናገራል።

አሁን ለምሳሌ ያህል 120 አባላት ያሉት ማኅበር እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። አባል በወር 50 ብር ያዋጣል። ከአንድ ስምሪት ለማኅበሩ በአማካይ 240 ብር ይቆረጣል። ከሦስት ስምሪት አንዱ የማኅበሩን ድንኳን ይከራያል፣ 300 ብር ይከፍላል።

የሚጠበቀው ዓመት የሚሠራው ጸጥታው አሁን እንዳለ ቢቀጥል ከሚለው ነው። መዝገቡን አይተን፣ ቀብድ የተከፈለባቸውን ቀጠሮዎች ቆጥረን 480 ስምሪት አልን እንበል። ከስምሪት 115,200 ብር፣ ከ160 ኪራይ 48,000 ብር ይገኛል። መዋጮው ሁሉም ቢከፍል 72,000 ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም አይከፍልም። ካለፈው ልምድ ሦስት አራተኛው ይሰበሰባል ካልን 54,000 ነው። ድምሩ 217,200 ብር።

ጥንቁቁ ላይ ብዙ ማኅበራት ይሳሳታሉ። ከሚጠበቀው ላይ ሃያ በመቶ ቀንሰው 173,760 ብር ይጽፉና ተጠንቅቀናል ይላሉ። የደባርቅ ክፉ ዓመት ግን ሃያ በመቶ የቀነሰ ዓመት አይደለም፤ በወቅቱ መሐል መንገድ ተዘግቶ እንግዳው የቀረበት ዓመት ነው። ስለዚህ ጥንቁቁ ግምት በመቶኛ ሳይሆን ከሚሆነው ነገር መነሣት አለበት፦ ስምሪቱ ጥቅምት ላይ ጀምሮ ኅዳር መጨረሻ ላይ ቢቆም ስንት ይሆናል? 150 እንበል። ከስምሪት 36,000፣ ከ50 ኪራይ 15,000 ብር ይገባል።

መዋጮውም አብሮ ይወድቃል፤ ይህ በብዙ በጀት ላይ የሚረሳ ነው። መዋጮን ቋሚ ገቢ አድርገን የምናየው በየወሩ ስለሚጻፍ ነው። ነገር ግን ተራው ያልደረሰው አባል ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ሥራ በጠፋበት ዓመት አርባ በመቶው ቢሰበሰብ 28,800 ብር ነው። የጥንቁቁ ድምር 79,800 ብር ይሆናል፤ ሃያ በመቶ ቀንሰን ካገኘነው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሦስቱ የገቢ ምንጮች የተለያዩ ቢመስሉም አንዱ ሲወድቅ ሌላው አይደግፈውም።

ተስፈኛው ዓመት መንገዱ ሰላም ሆኖ እንግዳው እንደ ቀድሞው ሲመለስ ነው። 810 ስምሪት ብንል ድርሻው 194,400 ብር፣ መዋጮው ዘጠና በመቶ ተሰብስቦ 64,800 ይሆናል። ኪራዩ ግን 270 ጊዜ አይደርስም። እንግዳው የሚበዛው በጥቂት ወራት ነው፤ ያኔ ያሉት ድንኳኖች ሁሉ ወጥተው ያልቃሉ። ዕቃው ከ200 ኪራይ በላይ ካልቻለ 60,000 ብር ነው ማለት ነው። ድምሩ 319,200። ተስፋም ቢሆን ባለን ዕቃና ባለን ሰው ይወሰናል።

ሦስቱን ቁጥር ደምሮ ለሦስት ማካፈል የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። የማኅበሩ የማይቀር ወጪ፣ ማለትም የቢሮ ኪራይና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ፣ በዓመት 90,000 ብር ነው እንበል። ይህ የሚለካው በጥንቁቁ ግምት ነው። 79,800 ብር ሲገባ 10,200 ብር ይጎድላል። ስለዚህ ከመስከረም በፊት ያ ብር በመጠባበቂያ መቀመጡ ወይም ኪራዩ ረከስ ወዳለ ቤት መዛወሩ በጠቅላላ ጉባኤ መወሰን አለበት። የአዳዲስ አስጎብኚዎች ሥልጠና የሚጠበቀውን ግምት ይከተላል። ድንኳን መግዛት ደግሞ የተስፈኛው ዓመት ሥራ ነው፤ ምልክቱ ሳይታይ ገንዘቡ አይነካም።

ምልክቱ መቼ ይታያል? የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ፣ ተራራው በዝናብና በጉም ተሸፍኖ ሥራ በሌለበት ወቅት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወጪ የሚሸፈነው ካለፈው ዓመት በተረፈው ነው፤ የዓመቱ ድምር ቢበቃም ነሐሴ ላይ ደመወዝ ሊጠፋ ይችላል። የገቢውን ነገር የሚያሳየው የታኅሣሥ መጨረሻ ነው። መዝገቡ በቀደሙት የተሟሉ ዓመታት እስከዚያ ቀን ግማሹ ስምሪት እንደሚያልቅ ካሳየ፣ በሚጠበቀው ዓመት 240 ስምሪት ሊኖር ይገባል። 110 ብቻ ከተመዘገበ ዓመቱ ወደ 220 ያመራል፤ ከጥንቁቁ ጋር ይቀራረባልና ሥልጠናው ይቆማል። 400 ከደረሰ የድንኳኑ ግዢ ለጉባኤ ይቀርባል።

ሰኔ 30 ላይ ግምቱና የገባው ሲነጻጸሩ ልዩነቱን በድምር ብቻ ማየት አይጠቅምም። ስምሪቱ አነሰ፣ ከአንድ ስምሪት የሚቆረጠው አነሰ ወይስ መዋጮው አልተሰበሰበም? 480 ስምሪት ተደርጎ ገቢው ከጎደለ ጥፋቱ የጸጥታው አይደለም፤ ያልተቆረጠ ድርሻ ወይም ያልተሰበሰበ መዋጮ አለ፤ የሚፈለገውም በተራ መዝገቡና በደረሰኞቹ መካከል ነው።