ዓይን ያላየውን ብዕር እንዳይጽፍ

የብራና መጻሕፍት በፎቶግራፍ መነሣት ከጀመሩበት ዘመን ወዲህ፣ ከጥንት ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው ሊቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው መጽሐፉን ራሱን ሳይሆን የመጽሐፉን ምስል ነው። በአገራችንም በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ተሰብስበው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቹም አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የመጻሕፍት ማኅደር ተቀምጠው፣ እንደ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት ብዙ ዓመታት ሲመረምሩአቸው ቆይተዋል። ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ የሚኖር አንድ ጥበብ አለ፤ ይኸውም ምስሉ ደብዝዞ፣ ተቈርጦ ወይም ብርሃን አንጸባርቆበት የማይነበበውን ስፍራ፣ በግምት ሞልቶ እንደ ተነበበ አድርጎ ከማቅረብ ተቈጥቦ፣ «ይህን አላየሁም» ብሎ በምልክት የመመስከር ጥበብ ነው።

ይህ ነገር ለጀማሪ ብቻ የሚያስፈልግ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ፈተናው የሚበረታው በሊቁ ላይ ነው። ፊደል ብቻ የቈጠረ ሰው የማይታየው ቃል ሲያጋጥመው ከመቆም በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ዳዊቱን በቃሉ የያዘ፣ ድጓውን ያዜመ፣ የገድሉንና የተአምሩን አቀራረጽ የሚያውቅ ሊቅ ግን ከመስመሩ ሦስት ቃል ሲያይ አራተኛው ከልቡ ፈልቆ በዓይኑ ፊት ይቆማልና፣ ያነበበው ከብራናው ይሁን ከትዝታው ለራሱም ሳይታወቀው ይቀራል። ያ ቅጂ ግን ምናልባት ከተለመደው ንባብ የተለየ ቃል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉም ሊመረመር የተፈለገው ለዚያ ልዩነት ሲባል ነበርና፣ ትዝታ የሞላው ስፍራ የሚፈለገውን ነገር ራሱን አጠፋ ማለት ነው።

የምስል ጕድለቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ምስሉ ሲደበዝዝ አስቀድሞ የሚጠፋው የፊደሉ አካል ሳይሆን በጐኑና በእግሩ የሚቀጠለው የአናባቢ ምልክት ነው። በኮምፒውተር የሚታይ ምስል ፒክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ስለ ሆነ፣ የአንድ ፊደል ቁመት ዐሥር ነጥብ ብቻ ከሆነ ያች ትንሽ ጭረት ከአንድ ወይም ከሁለት ነጥብ አትበልጥም፤ ምስሉን ቢያጐሉትም ነጥቦቹ ይሰፋሉ እንጂ ካሜራው ያልያዘው ጭረት አይወለድም። ስለዚህ አንባቢው ፊደሉ የ«በ» ቤተሰብ መሆኑን በእርግጥ ሊመሰክር ሲችል፣ «ወሀበ» ይሁን «ወሀቡ» ሊመሰክር አይችልም፤ ርስቱን የሰጠው አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙዎች ናቸው የሚለው የታሪክ ጥያቄ ግን የተንጠለጠለው በዚያች ጭረት ላይ ነው።

ነጸብራቅ ደግሞ የተለየ ነው፤ ብራና ሲፋቅና ሲለሰልስ የሚያበራ ገጽ ስለሚያገኝ፣ መብራት በቀጥታ ሲያርፍበት ከዐምዱ መካከል አንድ ነጭ ስፍራ ይከፈታል፣ በዙሪያው ያሉት ፊደላት ጥርት ብለው እየታዩ በውስጡ ያሉት ፈጽመው ይጠፋሉ። በዚህ ጊዜ የጐደለውን ልክ መገመት ይቻላል፤ ከላይና ከታች ባሉት መስመሮች በዚያው ስፋት ስንት ፊደላት እንደ ገቡ ተቈጥሮ፣ የጠፋው አራት ወይም አምስት ፊደል ይሆናል ማለት ይቻላልና። የተቈረጠ ምስል ግን ይህንም ይከለክላል፤ የገጹ ግርጌ ከምስሉ ውጭ ከቀረ አንድ መስመር ይቅር ሦስት የሚያስታውቅ ነገር የለም። እንግዲህ ልኩ የሚታወቅ ጕድለትና ልኩ የማይታወቅ ጕድለት በአንድ ምልክት ሊጻፉ አይገባም።

ይህን ለመለየት የፓፒረስና የድንጋይ ጽሑፍ ሊቃውንት በ1931 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ተሰብስበው የተስማሙበት ሥርዓት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ጥርት ብሎ ያልታየ ፊደል ከሥሩ ነጥብ ይደረግበታል፤ የጠፋው ፊደል ቍጥሩ ሲታወቅ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በቍጥሩ ልክ ነጥብ ይቀመጣል፤ ቍጥሩ ካልታወቀ በቅንፉ ውስጥ ጭረት ይሰመራል፤ አንባቢው በማስረጃ የመለሰው ፊደልም ቢሆን በዚያው ቅንፍ ውስጥ ይገባል እንጂ በዓይን ከታየው ጋር አይቀላቀልም።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በአንድ መጽሐፍ ፍጻሜ የተጻፈበት ዘመን ተመልክቶ፣ ከቍጥሩ «፸፩፻፹» የሚለው ሲነበብ የመጨረሻውን አኃዝ ነጸብራቅ ሸፍኖታል እንበል። በዓይን የታየው «በ፸፩፻፹[.] ዓመተ ዓለም» ተብሎ ይጻፋል፤ አኃዝ ጭራሹን አልነበረ እንደ ሆነም አይታወቅምና፣ ዘመኑ ከ7180 እስከ 7189 ዓመተ ዓለም ካሉት ዐሥር ዓመታት አንዱ ነው፤ 5500 ሲቀነስም ከ1680 እስከ 1689 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። ሁሉም በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት ውስጥ ይወድቃሉና፣ መጽሐፉ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ ብቻ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የጐደለው አኃዝ ምንም አይጐዳውም። ቀጥሎ «በዘመነ ሉቃስ» የሚል ጥርት ብሎ ከተገኘ፣ ዓመተ ዓለም ለአራት ተካፍሎ ሦስት የሚተርፍበት ዘመን ዘመነ ሉቃስ ነውና፣ ከዐሥሩ የሚተርፉት 7183 እና 7187 ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ቆሞ «፫ ወይም ፯» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ አንዱን መርጦ መጻፍ ግን ከማስረጃ ወደ ምኞት መሻገር ነው። ደግሞ ዝቅ ብሎ «አመ ፩ ለመስከረም በዕለተ ረቡዕ» የሚል ቢነበብ ባሕረ ሐሳብ ይፈርዳል፤ የመስከረም መባቻ በ7183 ዐርብ፣ በ7187 ግን ረቡዕ ነበረና። አሁን «፸፩፻፹[፯]» ተብሎ ይጻፋል፤ ቅንፉ ግን አይነሣም፤ ሰባቱን የሰጠው ስሌት እንጂ ዓይን አይደለምና፣ ጸሐፊው ራሱ በዕለቱ ተሳስቶ እንደ ሆነ የሚቀጥለው መርማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመረምር የሚችለው ቅንፉን ሲያይ ነው።

እንዲህ ያለ ስሌት የሚረዳው ዘመን ሲጠፋ ነው፤ የሰው ስም ሲጠፋ ግን ምንም ስሌት አይገኝም። ከጸሎቱ መካከል የሚገባው የባለ መጽሐፉ ስም ብዙ ጊዜ ተፍቆ በሌላ ስም ይተካል፤ የተፋቀውም ስፍራ ጥራቱ ዝቅተኛ በሆነ ምስል ላይ ሲታይ ጥላ ብቻ ይሆናል። «ገብረ» የሚለው ታይቶ ቀጣዩ ከጠፋ፣ ገብረ መስቀል፣ ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም እኩል ይገጥማሉና፣ የሚጻፈው «ገብረ [---]» ብቻ ነው። አንድ ሰው ደብሩን አይቶ «ማርያም» ብሎ ቢሞላ፣ ስሙ ወደ ካታሎግ ይገባል፣ ከካታሎግ ወደ ታሪክ መጽሐፍ ይሻገራል፣ ከዚያም ያልነበረ ባላባት የዘር ሐረግ ያገኛል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ገልባጭ በኅዳጉ ማስታወሻ ላይ ስፍራው እንዳልተነበበ ብቻ ሳይሆን ያልተነበበበትንም ምክንያት ይጽፋል፤ ምክንያቱ መድኃኒቱን ያመለክታልና። የደበዘዘው ቀርቦ እንደገና መነሣት ያስፈልገዋል፤ ያንጸባረቀው መብራቱ ወደ ጐን ተዛውሮ ይነሣል፤ ለተቈረጠው መድኃኒቱ ሙሉውን ቅጠል መጠየቅ ነው፤ ብራናው ራሱ ተበልቶ ወይም ተፍቆ እንደ ሆነ ግን አዲስ ፎቶግራፍ አይፈይድምና፣ የሚቀረው የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው፤ ከዚያም የሚገኘው ቃል የሌላው ቅጂ ምስክርነት መሆኑ ተገልጦ ይጻፋል። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ባዶ ስፍራ ግን ገዳሙ ድረስ ሄዶ መጽሐፉን ማስገለጥ ይገባ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለሚቀጥለው ሰው አይነግረውም።