ነጥቡ ይቅደም፣ ትልቁ ፊደል ይከተል

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ሲያርም መጀመሪያ የሚፈልገው ትልቁን ፊደል ሳይሆን ነጥቡን ነው። ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ካልታወቀ ቀጣዩ የት እንደሚጀምር አይታወቅምና።

ለመልመጃው ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ሁሉም በትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ነጥብ ተያይዘው ይጻፋሉ፦ «ማይ ካት ኢዝ ሚሚ ሺ ስሊፕስ ኦን ማይ ቤድ ኦን ሰንደይ አይ ዎሽ ኸር»። የሆሄያት ስህተት አይቀላቀልበትም።

ልጁ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ሐሳቡ ባለቀበት ሁሉ ነጥብ በክብ ውስጥ ያስቀምጣል። ከ«ሚሚ» በኋላ መቆሙ ግልጽ ነው። «ኦን ሰንደይ» ላይ ግን ክርክር ይነሳል፦ ድመቷ እሑድ አልጋ ላይ ትተኛለች ወይስ እሑድ ትታጠባለች? ሁለቱም ያስኬዳል። አንድ ነጥብ ትርጉም ሲለውጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ መምህሩ መልሱን ባይቸኩልበት ይሻላል።

ቀጥሎ ትልቅ መሆን ካለበት ፊደል ሥር ሦስት ጭረት ይሰመራል፦ የጽሑፉ መጀመሪያ፣ ከየነጥቡ በኋላ ያለው፣ የድመቷ ስም፣ የቀኑ ስም፣ «እኔ» የሚለው «አይ»። መታጠቢያዋ እሑድ ከሆነ ትልልቆቹ ስድስት፣ ነጥቦቹ ሦስት ይሆናሉ።

በየመስመሩ መጨረሻ ነጥብ የሚደረድር ልጅ ዓረፍተ ነገርን ከመስመር አልለየም። በቃል መሐል ትልቁን «ቢ» የሚጽፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሹ ከ«ዲ» ጋር ስለሚምታታበት ነው። የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አራት ነጥብ የለመደ ልጅ ግን ግማሹን መንገድ ያውቀዋል።