«ቋሚ ነዋሪ» እና «ዜጋ»፦ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ቅጾች ላይ የሚምታቱ ቃላት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ስለ ነዋሪነት ሲነሣ በቅድሚያ ትዝ የሚለው ኢቃማ ነው። ኢቃማ በአብዛኛው ከአሠሪ ጋር የተሳሰረና በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ነው። በዲቪ ዕጣ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ የሚሻገር ሰው በቅጽ ላይ «ቋሚ ነዋሪ» የሚለውን ሲያነብ ረዘም ያለ ኢቃማ ሊመስለው ይችላል። ሌላው ደግሞ «ቋሚ» የሚለውን ቃል ይዞ ራሱን እንደ ዜጋ ይቆጥራል። ሁለቱም ግምቶች የተሳሳቱ ናቸው።

ቋሚ ነዋሪ ማለት በተለምዶ ግሪን ካርድ የሚባለውን መታወቂያ የያዘ ሰው ነው። አሠሪ ቢቀይር ወይም ሥራ ቢያቆም መብቱ አይቋረጥም። ካርዱ ብዙውን ጊዜ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ የካርዱ ቀን ቢያልፍ የሚታደሰው ካርዱ ነው እንጂ ነዋሪነቱ በዚያ ብቻ አይጠፋም። ሆኖም ሰውየው የቀድሞ አገሩ ዜጋ እንደሆነ ይቀጥላል፤ የሚጓዘውም በዚያው አገር ፓስፖርት ነው። የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ለመውሰድ ማመልከት ይችላል፤ ወላጆቹንና ወንድም እኅቶቹን ግን ዜጋ እስኪሆን ድረስ መጥራት አይችልም።

«ናቹራላይዜሽን» የሚባለው የውጭ አገር ሰው በማመልከቻ ዜግነት የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። ማመልከቻው ኤን-400 በተባለው ቅጽ ይቀርባል፤ ከዚያም ቃለ መጠይቅ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ እንዲሁም የታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ፈተና ይከተላሉ። ፈተናውን ያለፈ ሰው ገና ዜጋ አይደለም። ዜግነቱ የሚጸናው ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን ነው።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። ሥራ ሲጀመር በሚሞላው ቅጽ ላይ «ዜጋ» እና «ቋሚ ነዋሪ» የሚሉ የተለያዩ ሳጥኖች አሉ። መንጃ ፈቃድ በሚወጣበት ቢሮም ብዙውን ጊዜ ለመራጭነት የመመዝገብ ጥያቄ ይቀርባል። ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ሳለ «ዜጋ ነኝ» ብሎ የፈረመ ወይም ድምፅ የሰጠ ሰው የዜግነት ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን፣ ከዚያም አልፎ ከአገር ሊባረር ይችላል።

በኤን-400 ቅጽ ላይ ይበልጥ የሚያሳስቱት ግን ሌሎች ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ያልተቋረጠ ነዋሪነት» እና «በአካል መገኘት»። በመደበኛው መንገድ አመልካቹ 5 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት መቆየት አለበት፤ ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ ለሚኖር 3 ዓመት ይበቃል። በአካል መገኘት የቀናት ድምር ነው፤ ከ5ቱ ዓመታት ቢያንስ 30 ወራት በአገሪቱ ውስጥ ማሳለፍን ይጠይቃል። ያልተቋረጠ ነዋሪነት ደግሞ የእያንዳንዱን ጉዞ ርዝመት ይመለከታል። ከ6 ወር በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ጉዞ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ያስገምታል፤ አመልካቹ ቤቱ፣ ሥራው ወይም ቤተሰቡ በዚያው እንደነበሩ በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። አንድ ዓመት የሞላው ጉዞ ግን ቆጠራውን ያቋርጠዋል።

ለምሳሌ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2019 በዲቪ ገብቶ ቋሚ ነዋሪ ሆነ እንበል። የታመሙ እናቱን ለማስታመም ሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ወደ ጅዳ ሄዶ ኖቬምበር 1 ቀን 2022 ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ አውጥቶ ስለነበር ድንበር ላይ ችግር አልገጠመውም። ጁን 2024 ላይ 5 ዓመት ሞላው፤ ከ60ዎቹ ወራት 46ቱን በአሜሪካ ስላሳለፈ በአካል መገኘቱ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ማመልከቻው ተቀባይነት አያገኝም፤ የ14 ወሩ ጉዞ ነዋሪነቱን አቋርጦታል። የመመለሻ ፈቃዱ የመግባት መብቱን ጠበቀለት እንጂ ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ አልጠበቀለትም። ከተመለሰበት ቀን አንሥቶ 4 ዓመት ከ1 ቀን መቆየት ስላለበት፣ ማመልከት የሚችለው ቢፈጥን ኖቬምበር 2 ቀን 2026 ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ማስረጃ ይጠየቃል፤ ተጨማሪ 6 ወር ከታገሠ ግን ያ ጉዞ ጥያቄ አያስነሣበትም።

ከቃለ መሐላው በፊት ኢትዮጵያዊው ሊያጤነው የሚገባ አንድ ነገር ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀርለት በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ነው፤ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመሥራት ያስችላል፣ የመምረጥ መብት ግን አይሰጥም። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ግን ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱን እንደያዘ ይኖራል።